አሸንዳና የውሃ መውረጃ ቱቦ ከምን ይሠራ? የጣሪያ ውሃ ለሚያጠራቅሙ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በለገጣፎ፣ በካራ፣ በሰበታና በሱሉልታ በኩል ቤት ሠርተው ሮቶ ያስቀመጡ ሰዎች በየክረምቱ መግቢያ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «አሸንዳውን በላሜራ ላሠራው ወይስ የፕላስቲክ ቱቦ ሰንጥቄ ልጠቀም? አሉሚኒየምስ ለዋጋው ይበጃል?» መልሱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ለመመለስ እቸገራለሁ። ስለዚህ እርስዎ በራስዎ ቤት ላይ ለክተው፣ ሱቅ ውስጥ ፈትነውና አስልተው እንዲወስኑ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ጽፌያለሁ።

ስሌቱ ሁሉ በአንድ ቤት ላይ የተመሠረተ ነው። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ያለው ሲሆን ጣሪያው በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። የጣሪያው ርዝመት 10 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር ሆኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሮቶው በኋላ በኩል በአንዱ ማዕዘን ላይ ተቀምጧል። የእርስዎ ቤት መጠን ቢለይም የስሌቱ መንገድ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለዚህ ቤት)

- 28 ጌጅ ጋልቫናይዝድ ጠፍጣፋ ላሜራ፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር፣ 4 ሉህ
- የአሸንዳ መያዣ ብረት፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት የታጠፈ፣ 32 ፍሬ
- 75 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ 6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 2 ፍሬ፤ ከነኤልቦውና ከነመገጣጠሚያው
- ቱቦውን ግድግዳ ላይ የሚይዙ ፋሼታዎች
- ሪቬትና ለውሃ ዕቃ የሚሆን ሲልከን
- ለመያዣዎቹ ዝገት መከላከያ ቀለም፣ ለቱቦው ውጫዊ ገጽ ነጣ ያለ በውሃ የሚበጠበጥ የውጭ ቀለም
- ሜትር፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ መሰርሰሪያ፣ ሚዛንና ጠንካራ መሰላል

ዝርዝሩ ላሜራ ለአሸንዳው፣ ፒቪሲ ለመውረጃው የሚል ምርጫ ላይ የተመሠረተ ነው። ለዚህ ቤት ለምን እንዲህ እንደመረጥኩ፣ ለእርስዎም ምርጫው መቼ እንደሚለወጥ ከደረጃ 3 ጀምሮ ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ጣሪያውን ከመሬት ላይ ይለኩ

የሚለካው ቆርቆሮው ያረፈበት ተዳፋት ሳይሆን ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነው ቦታ ነው፤ ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ጣሪያው የሚቀበለው ውሃ በዚህ ስፋት ይወሰናል። በምሳሌያችን ቤት ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር ነው፤ ጣሪያው በሁለት ስለተከፈለም እያንዳንዱ አሸንዳ የሚሰበስበው ከ30 ካሬ ሜትር ነው።

ለመኖሪያ ቤት የሚያገለግለው የተለመደ ልክ፣ አሸንዳው ለእያንዳንዱ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የውስጥ ስፋት ይኑረው የሚል ነው። በዚህ መሠረት 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቁጥሩን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ሻጩም ሆነ ሠራተኛው የሚያቀርብልዎት እያንዳንዱ አማራጭ ውሃውን መቻል አለመቻሉን ወዲያውኑ ለመመዘን ስለሚያስችል ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ 44 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሚሰጥ ይበቃል። 1 ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ በሦስት ተቆርጦ ከሚገኘው 33 ሳንቲ ሜትር ስትሪፕ ደግሞ ጀርባው 11፣ ወለሉ 11፣ ፊቱ 9፣ ታጥፎ የሚቀረው ከንፈሩ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሸንዳ ይወጣል፤ የውስጥ ስፋቱም ወደ 99 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ቢሆንም ትርፉ በከንቱ አይቀርም። በኃይለኛ ዝናብ ጊዜ ከቆርቆሮው ጫፍ ተስፈንጥሮ የሚወጣው ውሃ ጠባብ አሸንዳን ዘሎ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰፊው ግን ይቀበለዋል።

ደረጃ 2፦ የቤትዎን አካባቢ ይመልከቱ

ከመግዛትዎ በፊት በቤቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረው ሦስት ነገሮችን ይመዝግቡ። የመጀመሪያው ጣሪያው ላይ ቅጠል የሚያራግፍ ባሕር ዛፍ ወይም ጥድ መኖር አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው የትኛው አሸንዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እንደሚያገኘው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የማገሮቹ ጫፍ ወይም የጠርዙ ጣውላ ጤናማ መሆኑ ነው፤ ይህንንም በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርገው ይፈትሹ። ቢላዋው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ማለት ስለሆነ ከየትኛውም ዓይነት አሸንዳ በፊት መለወጥ ያለበት እሱ ነው።

ይህ የሚያስፈልገው ዝገትና መሰንጠቅ የሚጀምሩበት ምክንያት የተለያየ ስለሆነ ነው። ብረትን የሚጎዳው ተኝቶ የሚቆይ እርጥበት ሲሆን ፕላስቲክን የሚጎዳው ደግሞ ፀሐይ ነው። ቅጠል የሚበዛበትና ጥላ ያለው ጠርዝ ለብረት ክፉ ቦታ ነው፤ ገላጣውና ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረው ጠርዝ ደግሞ ለፕላስቲክ ክፉ ነው። በአንድ ቤት ላይ ሁለቱም ዓይነት ጠርዝ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 3፦ የአሸንዳውን ዓይነት ይምረጡ

ጋልቫናይዝድ ላሜራ። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በሁለቱም ገጽ የተቀባው ስስ የዚንክ ንብርብር ነው። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ስለሚጠብቀው ትንሽ ጭረት ቢኖር እንኳ ወዲያው አይዝግም፤ ዚንኩ ካለቀ በኋላ ግን 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ይበሳል። ዚንኩን የሚጨርሰው ዝናቡ ራሱ ሳይሆን በአሸንዳው ወለል ላይ የሚቀረው እርጥብ ጭቃና ቅጠል ነው፤ እርጥበቱን ይዞ ለሳምንታት ስለሚቆይ በሥሩ ያለው ዚንክ ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የላሜራ አሸንዳ ዕድሜ ከጌጁ ባልተናነሰ በተዳፋቱና በጽዳቱ ይወሰናል። ዝገቱ የሚጀምርባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው፤ እነሱም የመገጣጠሚያ ድርብርብ፣ የተቆረጠ ጠርዝ፣ ሪቬት የተመታበት ቀዳዳና ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ናቸው።

ፒቪሲ። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ በቤት ውስጥ መሣሪያ ይቆረጣል። ችግሩ ያለው ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ግራጫ ቱቦ የተሠራው ለፍሳሽና በመሬት ውስጥ ለመቀበር እንጂ ለፀሐይ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆኑ የፀሐዩ ጨረር ኃይለኛ ነው። ጨረሩ የፕላስቲኩን ገጽ ቀስ በቀስ ያዳክመዋል፤ መጀመሪያ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ በእጅ ሲዳሰስ ነጭ ዱቄት ይለቃል፣ በመጨረሻም እንደ ቀድሞው የማይታጠፍ ደረቅ ነገር ይሆናል። እዚህ ደረጃ የደረሰ አሸንዳ አንድ ቀን በረዶ ሲወርድበት ወይም መሰላል ሲደገፍበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በድንገት የመጣ ይመስላል እንጂ ድካሙ የተጠራቀመው በበርካታ በጋ ነው።

ፒቪሲ ሌላም ጠባይ አለው፤ በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው አሸንዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል 40 ዲግሪ ቢለዋወጥበት ርዝመቱ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይቀያየራል፤ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ብረት ግን የሚለዋወጠው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ሁለቱም ጫፉ በምስማር ከታሰረና መገጣጠሚያው ሁሉ በማጣበቂያ ከተዘጋ መሄጃ ያጣል፤ ያኔ ወይ ይጎብጣል፣ ወይ ምስማሩ ባለበት ቦታ ይሰነጠቃል። ከዚህ በተጨማሪ ቱቦ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ውጥረት ስለሚለቀቅ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ የመታጠፍ ባሕርይ ያሳያሉ፤ መያዣዎቹ ተቀራርበው ካልያዙት አፉ እየጠበበ ይሄዳል።

አሉሚኒየም። እንደ ብረት አይዝግም፣ እንደ ፒቪሲ በፀሐይ አይደክምም፣ ክብደቱም ከብረት ሢሶ ያህል ነው። ነገር ግን ከባዶ ብረት ጋር ተነካክቶ እርጥብ ሲሆን በንክኪው ቦታ ይበላል፤ እርጥብ ሲሚንቶም ይጎዳዋል። ስለዚህ በተራ የብረት ብሎን የታሰረ ወይም በግድግዳ ልስን ውስጥ የተቀበረ አሉሚኒየም ለከፈሉበት ዋጋ የሚጠበቀውን ዕድሜ አይሰጥም። መያዣውም፣ ሪቬቱም አሉሚኒየም መሆን አለበት፤ ካልተገኘ በብረቱና በአሉሚኒየሙ መካከል የጎማ ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ መግባት አለበት።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ጠርዙ ገላጣ ከሆነና በዓመት ሁለት ጊዜ መሰላል ወጥቶ የሚያጸዳ ሰው በቤቱ ካለ 28 ጌጅ ላሜራ ይሻላል። ጠርዙ በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ቅጠል የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ወፈር ያለ፣ ውጩ ቀለም የተቀባ ፒቪሲ ይሻላል፤ ፀሐዩ ስለሚቀንስለት ደካማ ጎኑ አይነካም፣ እርጥቡ ቅጠልም ምንም አያደርገውም። አሉሚኒየም የምመክረው ጠርዙ ከፍ ያለና በየጊዜው ወጥቶ መጠገን አስቸጋሪ የሆነበት ቤት ከሆነ፣ ሠራተኛውም ከብረት ለይቶ ማሰር የሚያውቅ ከሆነ ነው። የምሳሌያችን ቤት ሁለቱም ጠርዝ ገላጣ ስለሆነ ላሜራ መርጠናል።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ ይፈትኑ

በጌጅ አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ላሜራው እየሳሳ ይሄዳል፤ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። «28 ነው» የተባለውን በዓይን ለይቶ ማወቅ ስለሚያስቸግር በሚዛን ይመዝኑት። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሉህ ወደ 6.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4.7 ኪሎ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3.9 ኪሎ ገደማ ነው። ሉሁ አምስት ኪሎ እንኳ ካልሞላ ምንም ተብሎ ቢጠራ ለአሸንዳ አይግዙት፤ የመሰላልን ጫና አይችልም፣ በመያዣዎች መካከልም ይጎብጣል፣ የጎበጠበት ቦታ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው የቆመበት ቦታ ደግሞ ቀድሞ ይዝጋል።

ቀጥሎ ከጥግ ላይ ትንሽ ቁራጭ አስቆርጠው በፒንሳ ሙሉ በሙሉ በራሱ ላይ ይጠፉትና የታጠፈውን ጀርባ ይመልከቱ። ዚንኩ ከተላጠ ወይም እንደ ቅርፊት ከተነሣ፣ አሸንዳው በማሽን ሲታጠፍም በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ እንዲሁ ይላጣል ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ እርጥብ ሆኖ ተደራርቦ የቆየ ላሜራም ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ስለሚያወጣ በዚያ ይታወቃል፤ ዚንኩ ሳይሰቀል መበላት ስለጀመረ ይተዉት።

ለፒቪሲ ደግሞ የቱቦውን አፍ በማስመሪያ ይለኩ። ግድግዳው ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቱቦ ለአሸንዳ አይሆንም፤ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ለዋጋው ጭማሪ ይገባዋል። ከደጅ ፀሐይ ላይ ተከምሮ የቆየን ቱቦ አይግዙ፤ ፀሐይ ያየውን ጎን ከሌላው ጋር ሲያስተያዩ ቀለሙ ከተለየ ድካሙ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተጀምሯል።

ደረጃ 5፦ ክብደቱን ከነውሃው ያስሉ

ብዙ ሰዎች ፕላስቲክን የሚመርጡት ቀላል ስለሆነና «ማገሩ አይችልም» ብለው ስለሚሰጉ ነው። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም የሚመዘነው ነገር ሌላ ነው። የምሳሌያችን ላሜራ አሸንዳ በሜትር 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የተሰነጠቀው 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ልዩነቱ በ10 ሜትር 5 ኪሎ ብቻ ነው። ነገር ግን መውረጃው በቅጠል ተዘግቶ አሸንዳው እስከ አፉ ቢሞላ ሰፊው ላሜራ በሜትር ወደ 10 ኪሎ ውሃ ይይዛል፤ በ10 ሜትር ከነራሱ 110 ኪሎ ይሆናል። ጠባቡ ፒቪሲ በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ 50 ኪሎ ይደርሳል። እንግዲህ ማገሩ ላይ የሚያርፈውን ጭነት የሚወስነው የዕቃው ዓይነት ሳይሆን የአሸንዳው ስፋትና የመውረጃው መዘጋት ነው።

ስለዚህ መያዣዎቹ ለሞላ አሸንዳ ታስበው መተከል አለባቸው። ለላሜራ በየ65 ሳንቲ ሜትሩ፣ ለፒቪሲ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ አንድ መያዣ ያድርጉ። ፒቪሲ ቀላል ሆኖ ሳለ መያዣው የበዛበት ምክንያት በፀሐይ ሲሞቅ ስለሚለሰልስና በመያዣዎች መካከል ስለሚረግብ ነው። በምሳሌያችን ለእያንዳንዱ 10 ሜትር 16 መያዣ ይገባል፤ ለሁለቱ 32 ይሆናል። መያዣው የሚታሰርበት የባሕር ዛፍ ጫፍ ደረቅ ከሆነ በምስማር በቀጥታ ሲመታ ስለሚሰነጠቅ አስቀድመው በቀጭን መሰርሰሪያ ይብሱት።

የጠርዙ እንጨት ደካማ ሆኖ አሁን መለወጥ ካልቻሉ ከዕቃው ይልቅ ስፋቱን ይቀንሱ። ላሜራው በአራት ተቆርጦ ከሚገኘው 25 ሳንቲ ሜትር ስትሪፕ ጀርባው 8፣ ወለሉ 8፣ ፊቱ 7፣ ከንፈሩ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሸንዳ ይወጣል። የውስጥ ስፋቱ 56 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለ30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይበቃል፣ ሲሞላም ክብደቱ በአርባ በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ደረጃ 6፦ የመውረጃውን ቱቦ ለብቻው ይምረጡ

አሸንዳውና መውረጃው ከአንድ ዓይነት ዕቃ መሠራት አለባቸው የሚል ሕግ የለም። የላሜራ መውረጃ በርዝመቱ የተገጠመ ስፌት አለው፤ ስፌቱ ከውስጥ ሲዝግ ከውጭ አይታይም፣ የሚታወቀውም ግድግዳው ሲረጥብ ነው። ለጭቃ ግድግዳ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ፒቪሲ ግን እንደ መውረጃ ሲያገለግል ችግሮቹ ይቀንሳሉ፤ ክብ ስለሆነ ከተሰነጠቀው ይልቅ ጠንካራ ነው፣ በረዶ በቀጥታ አይመታውም፣ መገጣጠሚያውም ውሃ አያሳልፍም። ፀሐዩን ለመከላከል ውጩን በነጣ ያለ፣ በውሃ በሚበጠበጥ የውጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ከመቀባትዎ በፊት ገጹን በስስ የብርጭቆ ወረቀት ሻከር ካላደረጉት ቀለሙ አይዝም። በቲነር የሚበጠበጥ ቀለም ፕላስቲኩን ሊያለሰልሰው ስለሚችል አይጠቀሙ።

ለ30 ካሬ ሜትር ጣሪያ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃል። ሁለቱን አሸንዳዎች በአንድ ቱቦ ለማውረድ ከፈለጉ ግን 110 ሚሊ ሜትር ይጠቀሙ። በምሳሌያችን የኋላው አሸንዳ በአጭር ቱቦ ወደ ሮቶው ይወርዳል፤ የፊቱ ደግሞ በጎን ግድግዳው ላይ 6 ሜትር አቋርጦ ወደ ሮቶው ይሄዳል። አቋራጩ ቱቦ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 12 ሳንቲ ሜትር መውረድ ስላለበት የሮቶው አፍ ከአሸንዳው ወለል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱን ሮቶው የሚቀመጥበትን መደብ ከመሥራትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ፋሼታውን በየሜትር ተኩሉ ያድርጉ፣ ቱቦውን ግን ጨምድዶ እንዳይዘው ይተዉለት። አንዱን መገጣጠሚያ ሳያጣብቁ በጎማ ብቻ ያስገቡት፤ ቱቦው በሙቀት ሲረዝም መሄጃ ያገኛል፣ ሲዘጋም ነቅለው ያጸዱታል።

ደረጃ 7፦ ዋጋውን በሜትር ሳይሆን በዓመት ያወዳድሩ

የገበያ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዋጋ አልጠቅስም፤ የስሌቱን መንገድ ግን ላሳይ። ለእያንዳንዱ አማራጭ የዕቃውን፣ የመያዣውን፣ የመገጣጠሚያውንና የእጅ ዋጋውን በሜትር ይደምሩ፤ ከዚያ እንደሚያገለግል በሚጠብቁት ዓመት ያካፍሉ። ለማስላት ያህል በተፈጠሩ ቁጥሮች፣ ላሜራው 300፣ መያዣና መገጣጠሚያው 150፣ የእጅ ዋጋው 150 ብር ቢሆን በሜትር 600 ብር ይሆናል። የተሰነጠቀው ፒቪሲ አንድ ሜትር ቱቦ ሁለት ሜትር አሸንዳ ስለሚወጣው 180 ብር ብቻ ቢሆን፣ መያዣው ስለሚበዛ 200፣ የእጅ ዋጋው 150 ቢደመርበት 530 ብር ይመጣል። ሱቅ ውስጥ በአርባ በመቶ የረከሰው ዋጋ ሲሰቀል የሚቀንሰው አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ላሜራው 10 ዓመት፣ ያልተቀባው ፒቪሲ 5 ዓመት ቢያገለግሉ የመጀመሪያው በዓመት 60፣ ሁለተኛው 106 ብር ይሆናል። ለአሉሚኒየምም ይኸው ነው፤ ተሰቅሎ ሲያልቅ ከላሜራው እጥፍ የሚያስከፍል ከሆነ እጥፍ ዓመት ማገልገል አለበት።

የገንዘቡ መጠን ዛሬ ከሚቻለው በላይ ከሆነ ጌጁን ከማሳሳት ይልቅ አንዱን ጎን ብቻ በደንብ ይሥሩ። በአዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለሚዘንብ 30 ካሬ ሜትሩ ብቻ፣ አምስት አንድ እጁ ይባክናል ብለን ብናስብ እንኳ፣ ወደ 26,000 ሊትር ይሰጣል። አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ደግሞ የመንደሩ የተለመደ ሮቶ በአንድ ጎን ብቻም ደጋግሞ ይሞላል።

ደረጃ 8፦ ሲሰቅሉ ዕድሜውን የሚወስኑትን ሁለት ነገሮች ይጠብቁ

አንደኛው ተዳፋት ነው። መጀመሪያ ሁለቱን የጫፍ መያዣዎች ይተክሉና ሲባጎ ይወጥሩ። በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይስጡት። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ውሃ ይቆማል፤ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ካደረሱት ደግሞ በታችኛው ጫፍ አሸንዳው ከቆርቆሮው በጣም ስለሚርቅ ንፋስ ውሃውን ወደ ውጭ ይወስደዋል። የቤቱ ጠርዝ ራሱ የተስተካከለ ስለማይሆን በዓይን ሳይሆን በውሃ ልክ ይለኩ።

ሁለተኛው መገጣጠሚያ ነው። 2 ሜትር ቁራጮች በ10 ሳንቲ ሜትር ሲደራረቡ ለአንድ ጎን 6 ቁራጭ ይገባል፤ አንድ ሉህ 3 ቁራጭ ስለሚሰጥ ለሁለቱ ጎን 4 ሉህ የተባለው ለዚህ ነው። ላሜራ ቤቱ ረዘም አድርጎ ማጠፍ ከቻለ ረጅሙን ይጠይቁ፤ መገጣጠሚያው በቀነሰ ቁጥር ዝገት የሚጀምርበት ቦታም ይቀንሳል። ሲደራርቡ የላይኛው ቁራጭ ጫፍ ወደ ውሃው መሄጃ ሆኖ በታችኛው ውስጥ ይረፍ። በመካከላቸው ሲልከን ቀብተው ከዚያ በሪቬት ይምቱ፤ ሲልከኑ ከሪቬቱ በኋላ ከላይ ብቻ ከተቀባ ውሃው ከሥሩ ገብቶ በድርብርቡ መካከል ይቀራል።

ሰቅለው ሲጨርሱ በላይኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወለሉ ላይ የቆመ ውሃ ካለ፣ በዚያ ቦታ ያለውን መያዣ አሁኑኑ ያስተካክሉ።

ማስጠንቀቂያ

ውሃው ለመጠጥ ወይም ለምግብ የሚውል ከሆነ የአሸንዳውን መገጣጠሚያ በተራ ስታኞ አያስበይዱ፤ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው ስታኞ እርሳስ ስላለበት ወደ ውሃው ሊገባ ይችላል። የአሸንዳውንም ውስጥ በዝገት መከላከያ ቀለም ወይም በሬንጅ አይቀቡ። የዝገት መከላከያው ቦታ የመያዣው ብረትና የአሸንዳው ውጫዊ ገጽ ነው።

የተቆረጠ ላሜራ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ወፍራም ጓንት ያድርጉ። መሰላሉን በአሸንዳው ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ያስደግፉ፤ እግሩንም አንድ ሰው ይያዝ። ፒቪሲ ሲሰነጥቁ አቧራውን እንዳይተነፍሱ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

ከጣሪያ የተረፈ 35 ወይም 32 ጌጅ ቆርቆሮ አጥፎ አሸንዳ ማድረግ በብዙ ቤት ይታያል። ወጪ የቀነሰ ቢመስልም የቆርቆሮው ሞገድ ውሃና አፈር ስለሚቋጥር ከጣሪያው ቀድሞ ይበሳል። የፒቪሲ አሸንዳን በሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ቆርቆሮው በንፋስ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ፕላስቲኩን እየጋዘ ይሰነጥቀዋል፣ የቆርቆሮውንም ዚንክ ይፍቀዋል።

ሌላው በግራይንደር መቁረጥ ነው። የዲስኩ ሙቀት በጠርዙ ላይ ያለውን ዚንክ ያቃጥለዋል፣ የሚበተነው የብረት ብናኝም አሸንዳው ውስጥ ቀርቶ በመጀመሪያው ዝናብ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጡ፣ ብናኝ ካለም ከመስቀልዎ በፊት ይጥረጉት።

ብዙዎች ደግሞ አሸንዳውን የሚፈትሹት ሲያፈስ ነው። ፍተሻው በግንቦት መጨረሻ፣ ከክረምቱ በፊት፣ ሁለተኛውም በጥቅምት ይሁን። ላሜራው ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ ዚንኩ እየተበላ ነው፤ ጭቃውን ጠርገው ተዳፋቱን ካስተካከሉ ገና ብዙ ያገለግላል። ቡናማ ቀለም በመገጣጠሚያው ሥር ከታየ ዝገቱ ብረቱ ላይ ደርሷል፤ ያንን ቁራጭ ብቻ ነቅለው ይለውጡ እንጂ በላዩ ላይ ሌላ ላሜራ አይደርቡበት፣ እርጥበቱ በመካከል ታፍኖ አዲሱንም ያዝገዋልና። ለፒቪሲ ከጠርዙ ቀጭን ልጣጭ በቢላዋ አንሥተው ይጠፉት። ታጥፎ ከቀረ ገና ጤናማ ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግን የሚቀጥለው በረዶ ስለሚሰብረው ከሰኔ በፊት ይለውጡት።